ከዋሽንግተን ሙቀት እስከ መስቀል አደባባይ፦ የአንዲት ሯጭ የፔስ ስሌት

ይህን ጉዳይ የመዘገብሁት አንዲት ሯጭ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ፈተናዎች ስላየች ነው። በበጋ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በእርጥበት የታፈነ ሙቀት ውስጥ ተለማመደች፤ በኅዳር ደግሞ አዲስ አበባ ሄዳ በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ሮጠች። ለሁለቱም የታቀደውን ፍጥነት «ይህን ያህል በመቶ ዝግ በይ» በሚል ግምታዊ ስሌት አስተካክለናል። ስሌቱ በአንዳንድ ቦታ በሚያስገርም ሁኔታ ሠራ፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ምንም አልረዳም። በየትኛው ቦታ እንደሚሠራና በየትኛው እንደማይሠራ መለየት ለብዙዎቻችን ይጠቅማል፤ በተለይ ከባሕር ጠለል አቅራቢያ ከሚገኝ ከተማ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ለውድድር ለሚሄድ ሰው።

የሯጯ ሁኔታ

ሯጯ በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ነርስ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ አድጋ ከአሥር ዓመት በላይ በሜሪላንድ ኖራለች። ሥራዋ የሌሊት ፈረቃ ስለሚበዛበት ልምምዷ አንዳንድ ቀን ከሥራ እንደወጣች በማለዳ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከእንቅልፏ ተነሥታ አመሻሽ ላይ ነው። ይህ የሰዓት መለያየት ኋላ ላይ ትልቅ ትርጉም እንዳለው ተረዳን።

በሚያዝያ፣ በቀዝቃዛ ማለዳና በሜዳማ መንገድ፣ 10 ኪሎ ሜትርን በ50:00 ጨርሳ ነበር። ይህ በኪሎ ሜትር ልክ 5 ደቂቃ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጅበትን ጊዜ ሯጮች ፔስ እንለዋለን። የእርሷ ፔስ 300 ሰከንድ ስለሆነ አንድ በመቶ ማለት በኪሎ ሜትር 3 ሰከንድ ነው። በዚህ መነሻ ላይ ጠንከር ያለውን ወጥ ሩጫዋን በ5:15፣ ቀላል ሩጫዋን ደግሞ በ6:15 አካባቢ ታደርግ ነበር። በወጡ ሩጫ የልብ ምቷ በደቂቃ 162 ገደማ ላይ ይረጋል።

ችግሩ እንዴት ተገለጠ

ሐምሌ ሲገባ ያው 5:15 አልያዝ አላት። አንድ ማለዳ ስድስት ኪሎ ሜትር ልትሮጥ ወጥታ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር የልብ ምቷ 162 ደረሰ፤ በሦስተኛው 174 ሆነ፤ አራተኛውን ጨርሳ አቆመች። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ ሆነ። እርሷ የተረዳችው አቅሟ እንደወረደ ነው። ስለዚህ ልምምድ ጨመረች፤ ድካሙም ጨመረ።

በስልክ ስታነጋግረኝ የመጀመሪያ ቃሏ «አሰልጣኝ፣ እርጅና መጣ መሰለኝ» የሚል ነበር።

«መጀመሪያ የዚያን ማለዳ የአየር ሁኔታ ንገሪኝ» አልኋት።

ሙቀቱ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ይህ ብዙ አይደለም፤ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ቀዝቃዛ ይለዋል። ነገር ግን የጤዛ ነጥቡ 22 ዲግሪ ነበር። የጤዛ ነጥብ በአየሩ ውስጥ ያለው የውኃ ትነት ወደ ጤዛ እንዲለወጥ አየሩ ሊወርድበት የሚገባው የሙቀት መጠን ነው። ይህ ቁጥር ወደ አየሩ ሙቀት በቀረበ መጠን አየሩ በውኃ ትነት ተሞልቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ላብ ከቆዳ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ የላቡ መትነን ነው። ላቡ ካልተነነ ልብ ብዙ ደም ወደ ቆዳ ለመላክ ይገደዳል፤ ለእግር ጡንቻ የሚደርሰው ያንሳል፤ ያንኑ ፔስ ለመያዝ የልብ ምት ይወጣል። የ174ቱ ትርጉም ይህ እንጂ የአቅም መውረድ አልነበረም።

የሙቀቱ ስሌት

አሜሪካ ውስጥ ብዙ አሰልጣኞች የሚጠቀሙበት ቀላል መንገድ አለ። የአየሩን ሙቀትና የጤዛ ነጥቡን በፋራናይት ይደምሩታል። ድምሩ 100 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ፔሱ አይነካም። 130 ሲደርስ 2 በመቶ ገደማ ዝግ ይባላል፤ 150 ላይ 4.5፣ 160 ላይ 6፣ 170 ላይ 8 በመቶ ይሆናል። ከ180 በላይ ጠንካራ ሩጫ ጨርሶ ይተዋል። በሴንቲግሬድ ለሚያስብ ሰው እነዚህ ድምሮች በቅደም ተከተል 20፣ 37፣ 48፣ 53፣ 59 እና 64 ገደማ ናቸው። ሁለቱም ቁጥሮች በስልክ የአየር ሁኔታ መረጃ ላይ ይገኛሉ፤ የጤዛ ነጥቡ ግን ብዙውን ጊዜ ከታች ተደብቆ ስለሚቀመጥ ፈልጎ ማውጣት ያስፈልጋል።

የዚያ ማለዳ ድምር በሴንቲግሬድ 48 ስለነበር 4.5 በመቶ ወሰድን። 5:15 ማለት 315 ሰከንድ ነው፤ በ1.045 ሲባዛ 329 ይሆናል፤ ይኸውም 5:29 ነው። በሚቀጥለው ተመሳሳይ ማለዳ በ5:29 ስድስቱንም ኪሎ ሜትር ጨረሰች። የልብ ምቷ ከ160 ተነሥቶ በመጨረሻ 165 ደረሰ። ይህ በሚያዝያ ከነበራት የተለየ አይደለም። በሰዓቷ ላይ የታየው ቁጥር በ14 ሰከንድ ቢዘገይም ሰውነቷ የሠራው ሥራ ያው ነበር። ልምምድ የሚለካው በሥራው ስለሆነ ይህን ማየቷ የጨመረችውን ልምምድ እንድትቀንስ በቂ ምክንያት ሆናት።

አመሻሹ ላይ ለምን አልሠራም

ማለዳ የሠራው ስሌት አመሻሽ ላይ ከሸፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 33፣ የጤዛ ነጥቡ 22 ነበር። ድምሩ 55 ስለሆነ ከ6 እስከ 8 በመቶ ነው፤ 7 በመቶ ብንወስድ 5:37 ይሆናል። ጥላ በሌለው የወንዝ ዳር መንገድ ላይ በዚህ ፔስ ጀምራ ከሁለተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ መያዝ አልቻለችም።

ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው፣ የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰጠው ሙቀት በጥላ ውስጥ የተለካ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው አስፋልት ከታች፣ ፀሐይዋ ራሷ ከላይ የሚጨምሩትን ግለት ድምሩ አያውቀውም። ንፋስ መኖር አለመኖሩንም አያውቅም። ሁለተኛው ደግሞ ሙቀት በሰውነት ውስጥ የሚከማች መሆኑ ነው። በ5:37 የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ቀላል ነበር፤ ችግሩ የውስጥ ሙቀት ቀስ በቀስ እየወጣ ሲሄድ መጣ። አንድ ቋሚ በመቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ይጫናል፤ የሙቀት ጫና ግን እየጨመረ የሚሄድ ነው። ለአጭር ሩጫ የሚበቃው በመቶ ለረጅሙ አይበቃም።

ከዚያ በኋላ የአመሻሹን ሩጫ በፔስ መምራት ተውን። ወጡን ሩጫ በጥላ ወዳለው የፓርክ መንገድ ወስደን በሦስት ከፈልነው፤ በየመካከሉ ሁለት ደቂቃ በዝግታ እየተራመደች ውኃ ትጠጣለች፣ አንገቷንና ክንዷን ታርሳለች። ወሰኑም የልብ ምት ሆነ፤ 165 ሲያልፍ ዝግ ማለት፣ ዝግ ብላም ካልወረደ ማቆም። ፔሱ የሚመዘገበው ኋላ ቤት ገብታ ነው። ብርድ ብርድ ማለት፣ ቆዳ መቆርፈድ፣ መፍዘዝ ወይም የሐሳብ መምታታት ከታየ ግን ስለ በመቶ ማውራት ያበቃል፤ ወዲያው ቆሞ ሰውነትን ማቀዝቀዝ ነው። ነርስ በመሆኗ ይህን ለእርሷ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የነሐሴው ቁጥር የደበቀው ነገር

ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል። ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት በሚሆን ጊዜ ውስጥ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፤ ላብ ቀድሞ ይጀምራል፤ የልብ ምት ይወርዳል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ድምሩ ያው 48 በሆነበት ማለዳ በ165 የልብ ምት 5:19 ሮጠች። ይህን ከሚያዝያው 5:15 ጋር ስታስተያየው ልዩነቱ 1.3 በመቶ ብቻ ሆኖ አገኘችው። «እንግዲህ ሙቀት እኔን የሚያዘገየኝ በአንድ በመቶ ብቻ ነው» ብላ በማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ይህ አስተያየት አሳሳች ነው። በአራት ወር ገደማ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል፤ ሙቀቱን ለምዳለች፣ አቅሟም አድጓል። 5:19 የሁለቱ ድምር ውጤት ነው። ሁለቱን መለየት የሚቻለው በቀዝቃዛ ቀን አዲስ መለኪያ በመውሰድ ብቻ ነው።

በዚያው ነሐሴ፣ በዚያው ዓይነት ሙቀት፣ ሜዳማ መንገድ ላይ 10 ኪሎ ሜትር በ50:30 ሮጣ ነበር። በመስከረም መጨረሻ አየሩ ሲቀዘቅዝ በዚያው መንገድ ደግማ ስትሮጥ 48:50 አመጣች። አዲሱ የ10 ኪሎ ሜትር ፔሷ 4:53 ሆነ። ወጡ ሩጫም ከዚያው ጋር ወደ 5:08 ተሻሻለ። አሁን ወደ ኋላ መለስ ብለን ነሐሴን ብንመረምረው፣ 50:30 ከ48:50 የሚበልጠው በ3.4 በመቶ ነው፤ 5:19 ደግሞ ከ5:08 የሚበልጠው በ3.6 በመቶ ነው። ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማሉ። የአሰልጣኞቹ የድምር ሰንጠረዥ 4.5 ይላል፤ እርሷ ሙቀቱን ከለመደች በኋላ የሚያስፈልጋት 3.5 ነው። የሚቀጥለው በጋ ሲመጣ የምትነሣው ከዚህ ቁጥር ነው፤ በጋው ገና ሲገባ ግን ሰውነቷ ስላልለመደ በሰንጠረዡ ትጀምራለች።

ወደ ከፍታው፦ ከየትኛው ሰዓት እንነሣ

ለኅዳር ያዘጋጀችውን ዒላማ ስትልክልኝ 54:02 የሚል ነበር። ያሰላችው 50:30ን ወስዳ 7 በመቶ በመጨመር ነው። እኔ የተቃወምሁት ሰባቱን አይደለም፤ መነሻውን ነው። 50:30 አስቀድሞ የሙቀትን ዋጋ የከፈለ ሰዓት ነው። በኅዳር የአዲስ አበባ ማለዳ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀቱና የጤዛ ነጥቡ ተደምረው ብዙ ጊዜ ከ20 ብዙም አይርቁም፤ ስለዚህ የሙቀት ቅጣቱ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ነው። በነሐሴው ሰዓት ላይ የከፍታውን በመቶ መጨመር ማለት እዚያ የሌለውን ሙቀት ይዞ መሄድ ማለት ነው። ትክክለኛው መነሻ 48:50 ነው።

ቀጥሎ በመቶው ስንት ይሁን የሚለው መጣ። መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ገደማ ቢሆንም የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል።

ለዚህ ከፍታ ሁሉም የሚያውቀው ማነጻጸሪያ የ1968ቱ የሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ ነው። ከተማዋ 2,240 ሜትር ላይ ናት። የ10,000 ሜትሩን ውድድር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በ29:27.4 ሲያሸንፍ የእኛው ማሞ ወልዴ በ29:28.0 ሁለተኛ ሆነ። የወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ በ1965 ያስመዘገበው 27:39.4 ነበር። የአሸናፊው ሰዓት ከክብረ ወሰኑ በ6.5 በመቶ ዘግይቷል። የኦሊምፒክ ሩጫ በብልሃት ስለሚሮጥ ሁሉም መዘግየት የከፍታ ነው ማለት አይቻልም፤ ቢሆንም እነዚህ ሁለት ሰዎች ከፍታ ላይ የኖሩ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። በባሕር ጠለል የኖረው ክላርክ ራሱ ስድስተኛ ወጥቶ መጨረሻው ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ።

በዚያው ኦሊምፒክ ኪፕ ኬይኖ 1,500 ሜትርን በ3:34.9 አሸንፏል፤ የጂም ራያን ክብረ ወሰን 3:33.1 ስለነበር ልዩነቱ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ርቀቱ ባጠረ ቁጥር ሩጫው በኦክስጅን ላይ ያለው ጥገኝነት ይቀንሳል፤ ስስ የሆነው አየርም ሰውነትን የሚገታው አነስ ባለ ኃይል ነው። ስለዚህ «የአዲስ አበባ በመቶ» የሚባል አንድ ቁጥር የለም። ለእያንዳንዱ ርቀት የራሱ አለው።

እርሷ ከባሕር ጠለል የምትመጣ በመሆኗ ከ7 እስከ 9 በመቶ ያለውን ወስደን መካከሉን 8ን ያዝን። 48:50 ማለት 2,930 ሰከንድ ነው፤ በ1.08 ሲባዛ 3,164 ይሆናል፤ ይኸውም 52:44 ነው። በኪሎ ሜትር 5:16 ማለት ነው። ይህ የሜዳማ መንገድ ቁጥር እንደሆነ አስምሬ ነገርኋት።

«እኔ እኮ ተወልጄ ያደግሁበት አገር ነው፤ አየሩ ያውቀኛል» አለች።

በልጅነት ከፍታ ላይ ማደግ ምናልባት ለሳንባ የሚተርፍ ነገር ሊኖረው ይችላል። ከፍታ የሚጨምረው የቀይ ደም ሕዋስ ብዛት ግን ወደ ዝቅተኛ ቦታ በወረዱ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል፤ እርሷ ደግሞ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ እንደ ማንኛውም የዋሽንግተን ሯጭ ቆጠርናት።

አዲስ አበባ ከደረሰች በኋላ

ከውድድሩ 12 ቀን አስቀድማ ደረሰች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በመቶው ምንም አልረዳም። ቀላል ሩጫዋ 6:15 ስለነበር በ8 በመቶ 6:45 መሆን ነበረበት፤ የልብ ምቷ ግን እንደ ቀላል ሩጫ የሚሆነው በ7:05 ብቻ ነበር። ይህ የሚጠበቅ ነው። ከፍታ ላይ እንደ ደረሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደሙ ፈሳሽ ይቀንሳል፤ እንቅልፍ ይረበሻል፤ በዚያ ላይ የረጅም በረራና የሰዓት ለውጥ ድካም አለ። የከፍታ በመቶ እነዚህን አይቆጥርም። በእነዚያ ቀናት ሰዓቷን በኪሷ ከትታ ከሚሮጥ ዘመድ ጋር እያወራች እንድትሮጥ ብቻ ነገርኋት፤ ማውራት ካቃታት ፈጥናለች ማለት ነው። በስምንተኛው ቀን 6:45 ያለ ችግር ቀላል ሆነላት።

በስድስተኛው ቀን ያደረገችው ወጥ ሩጫ ስሌቱ በደንብ የሠራበት ነው። 5:08 በ8 በመቶ 5:33 ይሆናል። ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ በዚህ ፔስ ሮጠች፤ የልብ ምቷም በወሰኑ ውስጥ ቆየ።

ኢንተርቫሉ ላይ ሌላ ነገር ታየ። በሜሪላንድ 1,000 ሜትርን በ4:48 እየሮጠች በመካከሉ ሁለት ደቂቃ ታርፍ ነበር። ርቀቱ አጭር ስለሆነ 6 በመቶ ወስደን 5:05 አደረግነው፤ እረፍቱን ግን እርሷ እንደለመደችው ሁለት ደቂቃ አድርጋው ኖሯል። የመጀመሪያውን በ5:04፣ ሁለተኛውን በ5:06 ሮጠች፤ ሦስተኛው 5:19 ሆኖ አራተኛውን ተወችው። ፔሱ ልክ ነበር። ያልተስተካከለው እረፍቱ ነው። ከፍታ ላይ በሩጫው የተፈጠረውን የኦክስጅን ዕዳ መክፈልም ያው ስስ አየር የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ማገገሙ ከሩጫው ይበልጥ ይረዝማል። ከሦስት ቀን በኋላ ያንኑ 5:05 ይዛ እረፍቱን ሦስት ደቂቃ ተኩል ስታደርገው አራቱንም ጨረሰች፤ የመጨረሻው ከመጀመሪያው በአንድ ሰከንድ ብቻ ዘገየ። የ200 ሜትር ፈጣን ሩጫዎቿን ደግሞ ያለ ምንም በመቶ በሜሪላንዱ ፍጥነት እንድትሮጣቸው አደረግን፤ በእያንዳንዱ መካከል ግን ትንፋሿ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ትጠብቃለች።

የውድድሩ ቀን

ታላቁ ሩጫ ከአርባ ሺህ በላይ ሰው የሚሳተፍበት ነው። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት አለው። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ ሰው እንደ ጎርፍ ስለሚፈስ በራስ ፔስ መሮጥ አይቻልም። ስለዚህ 5:16ን ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አላዘዝንም። ለሜዳማው ክፍል ብቻ ሰጠነው። ለዳገት የልብ ምት ወሰን አስቀመጥን፤ 168። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ደግሞ ሰው እንዳትገፈትርና ለማለፍ ብላ ጎን ለጎን እንዳትሮጥ ብቻ።

በ54:20 ጨረሰች። በሜዳማው ክፍል ኪሎ ሜትሮቿ በ5:14 እና በ5:18 መካከል ነበሩ። ዳገቱ ላይ 5:45 ገደማ ሄደች፤ ቁልቁለቱ ላይ 5:05። ሰዓቷ የለካው ርቀት 10.15 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሰው መካከል መንገድ እየፈለጉ መሄድ የጨመረው ነው። በመጨረሻው ኪሎ ሜትር አልተዝለፈለፈችም፤ ሰው እየቀደመች ገባች።

ማታ ስንነጋገር «ያኔ ያሰላሁት 54:02 እኮ ይበልጥ ቀርቦ ነበር» አለችኝ። እውነት ነው፤ ከእኔ 52:44 ይልቅ ለውጤቱ የቀረበው የእርሷ ቁጥር ነው። ይህ ነጥብ ከጉዳዩ ሁሉ በላይ መመርመር ያለበት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስሌቱን የሚፈርደው በመጨረሻው ሰዓት ብቻ ነው።

የእርሷ ስሌት ሁለት ስሕተቶች ነበሩት፤ እርስ በርሳቸው ተካካሱ። የሌለውን ሙቀት ቆጥሯል፤ ያሉትን ዳገትና ሕዝብ አልቆጠረም። አንዱ ሰዓቱን ሲያረዝም ሌላው አሳጠረው። ይህን የሚያጋልጠው የሜዳማው ክፍል ነው። 54:02 በኪሎ ሜትር 5:24 ማለት ነው። በዚህ ፔስ ሜዳውን ሮጣ ቢሆን ኖሮ ዳገቱና ሕዝቡ የወሰዱባት 96 ሰከንድ በላዩ ተጨምሮ 55:38 አካባቢ ትገባ ነበር፤ ከአቅሟ በታች ማለት ነው። የ8 በመቶው ግምት የተፈተነው በ5:14 እና በ5:18 ላይ ነው፤ እዚያም ቆሟል። 96ቱ ሰከንድ የከፍታ አይደሉም፤ በከፍታ ላይ ከጫንናቸው በሚቀጥለው ዓመት 11 በመቶ ብለን እንጀምራለን፤ ይህም ሜዳው ላይ ያለ ምክንያት ያዘገያታል።

ለሌላ ሯጭ የሚተላለፈው

ከዚህ ጉዳይ የወሰድሁትና አሁን ከሌሎች ሯጮች ጋር የምሠራበት አካሄድ ከመነሻው ይጀምራል። በመቶ ከማውጣት በፊት የመነሻው ሰዓት በምን ዓይነት ቀን እንደተሮጠ እጠይቃለሁ። በሙቀት የተሮጠ ከሆነ አስቀድሜ ሙቀቱን አወጣለሁ፤ ማውጣት የሚሠራው ሰዓቱን በ1.035 ወይም በ1.045 በማካፈል ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን በቀዝቃዛ ቀን አዲስ መለኪያ መውሰድ ነው።

በመቶው ራሱ የተሠራው ለሩጫው ፔስ ብቻ ነው። እረፍቱን፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ድካም፣ ፀሐዩን፣ ዳገቱን ለብቻቸው ማሰብ ያስፈልጋል። በአንድ ትልቅ ቁጥር ውስጥ ከተጨመሩ የትኛው ትክክል እንደነበረና የትኛው እንዳልነበረ ኋላ ማወቅ አይቻልም። እንደ ሐዋሳ ባለ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለምትገኝ ከተማ እኔ የምነሣው ከ4 እስከ 5 በመቶ ነው፤ እዚያ ግን ረፋዱ ላይ ሙቀቱም የራሱን ስለሚጨምር ሁለቱን በየፈርጃቸው አሰላቸዋለሁ።

የልብ ምት ደግሞ ዳኛው ነው። በመቶው የሚሰጠው ፔስ በተለመደው የልብ ምት ካልተያዘ የሚለወጠው ፔሱ ነው። ሯጯ በሐምሌ ማለዳ በ5:29፣ በአዲስ አበባ ስድስተኛ ቀን በ5:33 ያገኘችው ማረጋገጫ ይህ ነበር፤ በአመሻሹ ሙቀትና በአዲስ አበባ የመጀመሪያ ቀናት ያጣችውም ይኸው ነው።

ወደ ሜሪላንድ ስትመለስ የመጨረሻ ጥያቄዋ 12 ቀን ከፍታ ላይ መቆየቷ ፈጣን አድርጓት እንደሆነ ነበር። የቀይ ደም ሕዋስ በሚታይ መጠን ለመጨመር ሳምንታት ስለሚወስድ፣ እንዲሁ ከ54:20 ላይ 8 በመቶ ቀንሶ አዲስ ዒላማ ማውጣት ተገቢ አይደለም። እግሯም በእነዚያ ቀናት 4:53ን አልሮጠም። ስለዚህ በቀዝቃዛ ቀን ሌላ 10 ኪሎ ሜትር እስክትሮጥ ድረስ በማስታወሻዋ ላይ ያለው መነሻ 48:50 እንደሆነ ይቆያል።